ደሴ ላይ ክፍል ለመከራየት፦ ለአከራይ የሚላከው የመጀመሪያው መልእክት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የእህቴ ልጅ ደሴ ሥራ አገኘችና ወልዲያ ሆና ቤት መፈለግ ጀመረች። ቴሌግራም ላይ ያየችው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ሆጤ አካባቢ ንጹሕ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ይከራያል። ውሃና መብራት አለው። 4 ሺህ ብር። ፈላጊ ይደውል።» እሷ የላከችው ደግሞ «ሰላም፣ ቤቱ አለ?» የሚል ነበር። ሁለት ቀን ጠበቀች፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና «ተይዞ ይሆናል» አለችኝ።

አልተያዘም ነበር። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አምስት ቤት ተከራይቼ የለቀቅሁ ሰው ነኝ፣ እናቴም ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ታከራያለች። እናቴ ስልክ ላይ «ቤቱ አለ?» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። መነጽሯን ታደርጋለች፣ ታነበዋለች፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ትላለች፣ ስልኩን ታስቀምጣለች። ደላላ ይሁን፣ አምስት ልጅ ያለው አባወራ ይሁን፣ ማታ ማታ እየጠጣ የሚገባ ይሁን አታውቅም። የደሴ አከራይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የሚመርጠው ከፋይ ብቻ ሳይሆን በአንድ በር አብሮት የሚገባና የሚወጣ ጎረቤት ነው። መልእክቱ ማንነታችሁን ካልነገረው የሚመልስበት ምክንያት የለውም።

መጀመሪያ፦ ማስታወቂያው ያልተናገረውን ቁጠሩ

ከመጻፋችሁ በፊት ማስታወቂያውን እንደገና አንብቡት። ከላይ ያለው ስለ ዋጋው ተናግሯል፣ ስለ ሰፈሩ ተናግሯል። ቅድሚያ የስንት ወር እንደሆነ፣ መያዣ ይኑር አይኑር፣ ቤቱ ባዶ ይሁን ሰው ያለበት፣ መቼ መታየት እንደሚችል ግን አልተናገረም። የምትጠይቁት እነዚህን አራቱን ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን መልሶ መጠየቅ («ስንት ብር ነው?») ሳያነቡ እንደደወሉ ያሳያል፣ አከራዩንም ያሰለቻል።

የሽንት ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ፣ የጎረቤቱ ነገር በዓይን የሚታይ ስለሆነ ለመጀመሪያው መልእክት አይሆንም። ዋጋ ማስቀነስም እንደዚሁ ነው፤ ቤቱን ያላየ ሰው «3 ሺህ አይሆንም?» ሲል አከራዩ የሚሰማው ገና ከአሁኑ የሚጨቃጨቅ ተከራይ እንደመጣበት ነው። ቅነሳ ካለ ቤቱን ቆማችሁ ስታዩ ጠይቁ።

ቀጥሎ፦ መልእክቱን ጻፉ

ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን የጻፍነው ይህንን ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ። ሆጤ አካባቢ በ4 ሺህ ብር ይከራያል ስላሉት አንድ ክፍል ነው የምጽፍልዎ። ሴት ነኝ፣ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ደሴ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ቤቱ ካልተያዘ ከመቼ ጀምሮ መግባት እንደሚቻል፣ ቅድሚያ የስንት ወር እንደሚጠይቁ፣ ከቅድሚያው ሌላ መያዣ ካለም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ስለምመጣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ከተመቸዎ ቤቱን አየዋለሁ። መደወል ከመረጡ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ እገኛለሁ።»

ልብ በሉ፤ ቤቱን የጠራችው በሰፈሩና በዋጋው ነው፤ ብዙ አከራይ ሁለት ሦስት ክፍል ስላለው «ቤቱ» ማለት ብቻ አይበቃም። ስንት ሰው እንደሚኖርና ምን እንደምትሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። ባልና ሚስት ከሆናችሁ፣ ልጅ ካላችሁ፣ ሁለት ወንደላጤ ሆናችሁ የምትጋሩት ከሆነ እዚህ ጋ ጻፉት። ደብቆ መግባት የሚያስከትለውን ጣጣ አይቻለሁ፤ «አንድ ሰው ነኝ» ብሎ ገብቶ በሳምንቱ ወንድሙን ያመጣ ጎረቤት ነበረን፣ ወሩ ሳያልቅ ወጣ።

ሰዓቱን ሁለት አማራጭ አድርጋ ሰጥታለች፣ «ጠዋት» «ቀን» የሚሉ ቃላትም ጨምራለች። የብዙ ሰው ስልክ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ስለሆነ «10 ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ያቆማል።

አጠራሩ ሁልጊዜ «እርስዎ» ይሁን፣ ማስታወቂያው የተጻፈው በወጣት ቋንቋ ቢሆን እንኳ። ማስታወቂያውን የለጠፈው የልጅ ልጅ፣ የቤቱ ባለቤት ግን አያቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ድምፃቸውን ከሰማችሁ በኋላ ጋሼ ወይም እትዬ ማለት ትችላላችሁ። በ«አሰላሙ ዓለይኩም» ካነሱት በዚያው መልሱ፤ ወሎ ነው፣ ማንም አይገረምም።

ሲደውሉላችሁ፦ ስለ ኪራዩ

በዚያው ቀን ማታ አንዲት እናት ደወሉ። ስልኩን ከፍተነው ስለነበር ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ ስለ ቤቱ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ።»

«ይመስገን። ቤቱ አለ። ተከራዩ በጳጉሜ ነው የሚወጣው።»

ቀጥላ የጠየቀችው ትክክለኛውን ነበር፦ «4 ሺው መብራትና ውሃን ይጨምራል እትዬ?» አይጨምርም። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ አለ፣ ለሁለቱም በወር 350 ብር ይከፈላል፤ «ምጣድ ካለሽ ግን ይጨምራል» አሉ።

ይህ ምጣድ ትንሽ ነገር አይደለም። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሄደው፤ በወር ትንሽ የሚጠቀም ቆጣሪ በርካሽ ይታሰብለታል፣ ፍጆታው ከፍ እያለ ሲሄድ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። አራት ተከራይና ባለቤቲቱ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታው ተደምሮ ውዱ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ግን ርካሹ ላይ ሊቆዩ ይችሉ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከግቢው ዕቃ ሁሉ የበለጠ የሚስብ ነው። ስለዚህ አከራይዋ ስለ ምጣድ የሚያነሱት ከክፋት አይደለም። የእናንተ ድርሻ «እንጀራ መጋገር ይቻላል? ከተቻለ በወር ስንት ይታሰብብኛል?» ብሎ ከመግባት በፊት ቁጥሩን ማወቅ ነው። የእህቴ ልጅ እንጀራ ገዝታ እንደምትበላ ተናገረች፤ 350 ብሩ እዚያው ላይ ቆመ። ስለ ውሃው «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ?» ብላ ጠየቀች፤ ሮቶ እንዳለና ተከራይም ከሱ እንደሚቀዳ ነገሯት።

ሦስቱ ገንዘቦች

ሰው የሚጣላበት ቦታ ይህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቅድሚያ፣ መያዣ እና ቀብድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደላላና አከራይ ግን አንዱን በሌላው ስም ይጠሩታል። ስሙን ትታችሁ «ይህ ብር ኋላ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቅድሚያ ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ እየኖራችሁበት ያልቃል። መያዣ፣ አንዳንዱ ዲፖዚት የሚለው፣ አያልቅም፤ አከራዩ ዘንድ ይቀመጣል፣ ስትወጡ የተሰበረና ያልተከፈለ ካለ ተቀንሶ ይመለሳል። ቀብድ ደግሞ ገና ሳትገቡ «ለሌላ አትስጡብኝ» ብላችሁ የምታስይዙት ነው። ይህ የመጨረሻው በሕግም የራሱ መልክ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «አይቼው ካልወደድኩት ትመልሱልኛላችሁ» ብሎ ቀብድ መላክ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ራሱ የሚናገረው ውል መግባታችሁን ነው።

የኛ እትዬ የጠየቁት የሦስት ወር ቅድሚያና የአንድ ወር መያዣ ነበር። እዚያው ደምሩት፦ 12 ሺህ ሲደመር 4 ሺህ፣ 16 ሺህ ብር። ማስታወቂያው ላይ 4 ሺህ ያየ ሰው ኪሱ ውስጥ 16 ሺህ ይዞ መሄድ አለበት። ዕቃ ጭኖ ደጅ ላይ ከደረሱ በኋላ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል አልናገርም።

አንድ ጥያቄ ግን እሷ ረስታው እኔ በወረቀት ጽፌ አሳየኋት፦ «ሦስት ወሩ ሲያልቅ እንዴት ነው የምከፍለው?» መልሱ «እንደገና ሦስት ወር» ነበር! ማለት፣ እትዬ «ቅድሚያ» ያሉት መጀመሪያ ላይ አንዴ የሚከፈል ሳይሆን ኪራዩ በየሦስት ወሩ የሚከፈል መሆኑን ነው። ሌላው አከራይ ደግሞ የሦስት ወሩን ቅድሚያ ለመጨረሻዎቹ ወራት ይይዘውና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ ያስከፍላችኋል፤ ያኔ ቅድሚያ የተባለው በሥራው መያዣ ሆነ ማለት ነው። በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው የእነዚህ ልዩነት ቤቱን ለመያዝም ለመተውም ይበቃል። አጭሩ አጠያየቅ ይህ ነው፦ «በሁለተኛው ወር ምን እከፍላለሁ? በአራተኛውስ?»

ቅድሚያውን ስለ ማሳነስ፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ቤቱ ባለበት ቀበሌ ወይም ከተማ አስተዳደር መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ግን በመጀመሪያ ስልክ ላይ አዋጅ ጠቅሳችሁ እንድትነጋገሩ አልመክርም፤ ትክክል ብትሆኑም ቤቱ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ያለችው «እትዬ፣ ደመወዜ በየወሩ ነው፣ የሁለት ወር ከፍዬ ከዚያ በየወሩ ብሰጥዎ ይሆናል?» ነው። እትዬ ዝም አሉ፣ ከውስጥ ሰው ጠየቁ መሰለኝ፣ «መጥተሽ እዪውና እንነጋገራለን» አሉ። ከመጀመሪያ ስልክ ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን

«አለ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ባዶ ነው፣ ተከራዩ እወጣለሁ ብሏል፣ ወይም እንዲወጣ ተነግሮታል ግን ገና እሺ አላለም። የመጨረሻው ነው አደገኛው። «ተከራዩ ሌላ ቤት አግኝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አከራዩ «ያገኛል» ካለ፣ የያዛችሁት ቀን ሊገፋ ይችላልና የምታድሩበት ሌላ ቦታ አስቡ።

የኛው በጳጉሜ ነበር፣ እዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን የቀን አቆጣጠር ያመጣው ነገር አለ። ኪራይ በወር ስለሚታሰብ ብዙ አከራይ አምስቷን ወይም ስድስቷን የጳጉሜ ቀን አይቆጥርም፣ አንዳንዱ ግን ይቆጥራል። በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜ የምትገቡ ከሆነ «ወሩ የሚቆጠርልኝ ከመስከረም 1 ነው ወይስ ከገባሁበት ቀን?» በሉ። እትዬ ሳቁና «ጳጉሜ ደግሞ ምን ኪራይ አላት!» አሉ።

የማያ ሰዓት መምረጥ

ይህን አከራዩ ብቻ እንዲወስን አትተዉት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ቤት ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ነው። የሰርቪስ ክፍሎች የኋላ ግድግዳ አፈሩን ተደግፎ ሊቆም ይችላል፣ በክረምት ያ ግድግዳ ያልባል። ከቀኑ 6 ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ብትገቡ ሁሉም ደረቅና ደማቅ ነው። ከዝናብ በኋላ ወይም ማለዳ ግቡ። መዳፋችሁን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ በኋላ ግድግዳው ላይ አሳርፉ፤ ቀዝቅዞ ከረጠበ፣ ወይም ቀለሙ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ሥሩም ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ካለ ውሃ ይስባል። አልጋና ፍራሽ እዚያ ጋ ይሻግታል። ኮርኒስ ካለ ጥግ ጥጉን እዩ፤ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል።

ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ቦታ ነው። እዚያ የሚፈተነው ሙቀቱ ነው፣ ስለዚህ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጠይቁ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በዚያ ሰዓት ውስጡ ቆሞ ማውራት እንኳ አይቻልም። መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ፣ የወባ ትንኝ የሚገባበት ቀዳዳም እንዳለ እዩ፤ አጎበር የሚሰቀልበትን ቦታ ማሰብም አይከፋም።

ስለ ቀኑ አጭር ነገር ልበል፤ ዓርብ ከሰዓቱ የጁምዓ ሰዓት ላይና እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እስኪወጣ ቀጠሮ አትጠይቁ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፣ አከራይዋ እቤት ላይገኙ ይችላሉ።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓትን ያዘች። ዓርብ ማታ አንድ መስመር ላከች፦ «እትዬ፣ ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሆጤ እደርሳለሁ፣ ስደርስ እደውላለሁ።» ይህች መልእክት በዋዜማው ካልሄደች ቤቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመጣ ሌላ ሰው ይሰጣል።

ሳያዩ ቀብድ ላኩ ሲባል

እኔ አንዴ ተበልቻለሁ። ኮምቦልቻ ለአንድ ክፍል በስልክ ያገኘሁት ደላላ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ አንድ ሺህ ላክና ላስቁምልህ» አለኝ፣ በቴሌብር ላክሁ። ስደርስ ቤቱ በእርግጥ ነበረ፣ በሩ ላይ ግን እንደኔው ቀብድ የላኩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ደላላውን አያውቁትም። ኋላ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር፦ ባለቤቱን ላናግር ስል «ሥራ ላይ ናቸው» ይላል፣ ብሩ የሚገባበት ስም ከነገረኝ ስም ይለያል፣ የቤቱን ልዩ ቦታ ስጠይቅ «ስትመጣ አሳይሃለሁ» ነው።

ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። ደላላ ከሆነ በመጀመሪያው ስልክ የሱን ኮሚሽን ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚቀበል፣ ለማሳየት ብቻ የሚጠይቀው እንዳለ ጠይቁት። መሄድ ካልቻላችሁ ደሴ ያለ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ልካችሁ ቤቱን ያይላችሁ፣ እዚያው ቆሞም ቪዲዮ ይደውል። «አሁኑኑ ካልላካችሁ ይሄዳል» ከተባለ ይሂድ።

ከታየ በኋላ

ቅዳሜ አብሬያት ሄድሁ። ግድግዳው ደረቅ፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ አዲስ ቁልፍ የገባለት ነበር። እትዬ ቡና አፍልተው ስለ ዘመድ አዝማድ ጠየቁን፤ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ የሁለት ወር ቅድሚያ፣ ከዚያ በየወሩ፣ መያዣው ደግሞ ግማሽ ወር እንዲሆን ተስማሙ። 16 ሺው ወደ 10 ሺህ ወረደ። ተከራዩ እስኪወጣ 1 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠችና ከደብተር ላይ በተቀደደ ሉክ ይህን ጻፍን፣ ሁለቱም ፈረሙበት፣ እኔና የእትዬ ልጅ ምስክር ሆንን፦

«ሆጤ ላለው አንድ ክፍል ቤት 1,000 (አንድ ሺህ) ብር ቀብድ ተቀብያለሁ። ወርሃዊ ኪራዩ 4,000 ብር ነው። ቤቱ ጳጉሜ 3 ቀን ይለቀቃል። ቀብዱ ከመጀመሪያው ቅድሚያ ላይ ይታሰባል። ቤቱ በተባለው ቀን ካልተለቀቀ ቀብዱ ይመለሳል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር የጠየቁት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። «ያ ልጅ መውጣቱን እኔም እጄ እስኪገባ አላምንም» አሉ። ጳጉሜ 4 ነው የወጣው።